ባለ ሁለት ጎማ ሮቦቴ 3 ሰከንድ ቆሞ ይወድቃል፤ ችግሩ ፒአይዲው ነው ወይስ አንግሉ?

ህሊና_አዘዞ · ሰኞ ማታ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጎንደር ነው። የኤሌክትሪካል 5ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ራሱን ሚዛን ጠብቆ የሚቆም ባለ ሁለት ጎማ ሮቦት እየሠራሁ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፒአይዲ ስነካካ ከረምኩ። ይቆማል፣ ይወዛወዛል፣ ውዝዋዜው ይሰፋል፣ ከዚያ በአፍንጫው ይደፋል። ከ3 ሰከንድ በላይ ቆሞልኝ አያውቅም።

ዕቃው ይኸው፦ አርዱዊኖ ኡኖ፣ ኤምፒዩ 6050 ሴንሰር፣ ኤል298 የሞተር ድራይቨር፣ ሁለት ቢጫ የጊር ሞተሮች፣ ሁለት 18650 ባትሪ። ሦስት ፎቅ ያለው የእንጨት አካል ነው፣ ቁመቱ 24 ሳንቲ ሜትር። ባትሪውም ሴንሰሩም ላይኛው ፎቅ ላይ ናቸው። ኬፒ 45፣ ኬዲ 1.2 ላይ ነኝ፤ ኬአይ ዜሮ ነው። አንግሉን የማሰላው እንዲህ ነው፦

```cpp
accAngle = atan2(ay, az) * 57.3;
gyroRate = gx / 131.0 - 1.14;
angle = 0.98 * (angle + gyroRate * 0.01)
      + 0.02 * accAngle;
```

1.14 ሮቦቱ ዝም ብሎ ተቀምጦ ጋይሮው ያሳየኝ ስህተት ነው፤ ለክቼ ነው የጻፍኩት። ሎፑ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥሮች በ`Serial.print` አወጣለሁ። ኬፒን ከፍ ባደርግም ዝቅ ባደርግም ውጤቱ ያው ነው። ምን ልሞክር?

---

አቤል_ማራኪ · ሰኞ ማታ 3:32

ህሊና፣ ባትሪውን ለምን ላይ ሰቀልሽው? ክብደቱን ወደ ታች አውርጂው እንጂ። መኪናም ቢሆን ክብደቱ ዝቅ ሲል ነው የማይገለበጠው። እኔ ባየው ሮቦቱ የሚደፋው ጭንቅላቱ ከብዶት ነው።

---

ናሆም_ኮንትሮል · ሰኞ ማታ 3:51

ችግሩ ፊልተሩ ነው። ይሄ 0.98 እና 0.02 የሚባለው ነገር የጀማሪ ነው፤ ካልማን ተጠቀሚ። አክሰለሮሜትሩም ሞተሩ ሲሠራ በጣም ይረበሻል። ስለዚህ ሴንሰሩ ውስጥ ያለውን ማለስለሻ እስከ መጨረሻው አጥብቂው። ሬጂስተር `0x1A` ላይ 6 ጻፊ፤ ቁጥሮቹ እንደ ውኃ ይረጋሉ። እኔ ለላብ ሥራ እንደዚያ አድርጌ ግራፉ በጣም ቆንጆ ሆኖልኛል።

---

ድሮን_ጣና · ሰኞ ማታ 4:05

እኔም ባሕር ዳር ሆኜ ይኸው ሴንሰር አስለቅሶኛል። የኔ ድሮን እየሠራ እያለ በመሐል ድርቅ ይላል፤ ሞተሮቹ በመጨረሻው ትእዛዝ መሽከርከራቸውን ይቀጥላሉ። በኋላ ሳየው የሞተሩ ረብሻ የሴንሰሩን መስመር እያሳሳተው `Wire` ላይብረሪው ለዘላለም ይጠብቃል። ሽቦዎቹን አሳጠርኩ፤ ይህችንም ጨመርኩ፣ ከዚያ ዳነልኝ፦

```cpp
Wire.setWireTimeout(3000, true);
```

አንቺም ይህን ሞክሪ።

---

ህሊና_አዘዞ · ሰኞ ማታ 4:20

ድሮን_ጣና አመሰግናለሁ፤ መስመሯን እጨምራታለሁ። የኔ ግን አይደርቅም፤ እስኪወድቅ ድረስ ቁጥር ያወጣል። ናሆም፣ ካልማኑን ባለፈው ሳምንት ከላይብረሪ አምጥቼ ሞክሬ ነበር። ያው ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ባሰበት።

---

ታደለ_መሣሪያ · ማክሰኞ ጠዋት 1:15

ህሊና፣ ፒአይዲውን ለጊዜው እርሺው። የተሳሳተ አንግል ላይ የትኛውም ኬፒ አይቆምም። መጀመሪያ አንግሉ እውነት መሆኑን እንይ።

የሞተሩን ባትሪ ንቀዪ። አርዱዊኖው በኮምፒውተሩ ገመድ ይሥራ። ሮቦቱን በእጅሽ ቀጥ አድርገሽ ያዢውና ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ እስኪረጋ ጠብቂ። ከዚያ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ አንዴ አጋድመሽ 90 ዲግሪ ላይ አድርሺው፤ እዚያው ሳታንቀሳቅሺ ያዢው። ዓይንሽ `angle` ላይ ይሁን።

ቁጥሩ ከእጅሽ ጋር እኩል ሄዶ 90 ላይ ከቆመ ደህና ነው። 90 ሳይደርስ ቆሞ ከዚያ እየዳኸ ከወጣ ጋይሮው ጎድሎ እየተቆጠረ ነው። 90ን አልፎ ከተመለሰ በዝቶ እየተቆጠረ ነው። መጀመሪያ ወደ ተቃራኒው ሄዶ ከተመለሰ ደግሞ ምልክቱ ተገልብጧል። ቀስ ብለሽ ብታጋድሚው ግን ምንም አይታይሽም። ቀስ ሲባል አክሰለሮሜትሩ ሁሉንም ጉድለት ይሸፍነዋል። ብዙ ሰው አንግሉ ልክ ነው ብሎ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

አቤል፣ የባትሪው ነገር እንደ መኪናው አይደለም። ረጅም ዱላ መዳፍህ ላይ አቁመህ ሞክር፤ ከዚያ እስክሪብቶ ሞክር። ዱላው ቀስ ብሎ ነው የሚወድቀው፣ እጅህ ይደርስበታል። እስክሪብቶው ግን አይጠብቅህም። ክብደት ላይ ሲሆን ሮቦቱ የሚወድቀው ዘግየት ብሎ ነው፤ ስለዚህ ባትሪው ያለበት ይቆይ።

---

ህሊና_አዘዞ · ማክሰኞ ከሰዓት 9:40

ጋሼ ታደለ፣ መብራት ሄዶ አሁን ነው የመጣው። ሙከራውን አምስት ጊዜ ደገምኩት። ሳጋድመው ቁጥሩ 38 አካባቢ ይደርስና ይቆማል። ከዚያ ቀስ እያለ ይወጣል፤ 90 አጠገብ እስኪደርስ 5 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ጎድሎ እየተቆጠረ ነው ማለት ነው። ግን ለምን? 131 ትክክል ነው፤ ሬንጁን አልቀየርኩም።

---

ታደለ_መሣሪያ · ማክሰኞ ማታ 1:05

131 ልክ ነው። ሬንጁ 250 ዲግሪ በሰከንድ ከሆነ የሚካፈለው በ131 ነው። እኔ የምጠረጥረው 0.01 የሚለውን ነው። አንድ ዙር 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል ብለሽ ጽፈሻል። ለክተሽዋል? ሎፑ መጀመሪያ ላይ `micros()` አንብቢና ካለፈው ጋር አወዳድሪው። ሲሪያል ፍጥነቱስ ስንት ነው? በአንድ መስመር ስንት ፊደል ትልኪያለሽ?

---

ህሊና_አዘዞ · ማክሰኞ ማታ 1:48

ኧረ ጉድ ነው። አንድ ዙር 31 ሺህ ማይክሮ ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ፍጥነቱ 9600 ነው። መስመሩ ክፍተቶቹና የመስመር ማብቂያው ተቆጥረው 30 ፊደል ይሆናል።

---

ታደለ_መሣሪያ · ማክሰኞ ማታ 2:30

ተገኘ። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

በ9600 ፍጥነት አንድ ፊደል ለመላክ 10 ቢት ያስፈልጋል፤ በሰከንድ 960 ፊደል ማለት ነው። 30 ፊደል ለ960 ሲካፈል 31 ሚሊ ሰከንድ ከትንሽ ይሆናል። አርዱዊኖው መላኪያ ቋት አለው፤ ግን 64 ባይት ብቻ ነው። ቋቱ ከሞላ በኋላ `Serial.print` ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ፕሮግራሙን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ስለዚህ የሮቦትሽን ፍጥነት የሚወስነው ቺፑ አይደለም፤ ወደ ስክሪን የምትልኪው ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ ፊልተሩ እንሂድ። እውነተኛው ዙር 31 ሲሆን ኮዱ 10 ብሎ ይቆጥራል። ጋይሮው 90 ዲግሪ ዞርኩ ሲል ኮዱ 29 ብቻ ይመዘግባል። አንቺ 38 ያየሽው አክሰለሮሜትሩ በግማሽ ሰከንዱ ውስጥ ወደ 9 ዲግሪ ስለጨመረ ነው። የቀረውን 52 እሱ ብቻውን ነው የሚሞላው። 0.98 በ31 ሚሊ ሰከንድ ዙር ሲሠራ የጊዜ ቋሚው 1.5 ሰከንድ ይሆናል፤ 0.98ን በ0.02 አካፍለሽ በዙሩ ጊዜ አባዢው። ጉድለቱ በየ1.5 ሰከንዱ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። 5 ሰከንድ የፈጀብሽ ለዚህ ነው።

ሮቦትሽ በምን ፍጥነት እንደሚወድቅ አስቢ። 24 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወጥ ዘንግ ሲወድቅ ዝንባሌው ከ2.7 እጥፍ በላይ ለማደግ 0.13 ሰከንድ ይበቃዋል። ኮዱ እውነቱን የሚያውቀው ደግሞ ከ5 ሰከንድ በኋላ ነው። የውድቀቱን ሲሶ ብቻ እያየ ነው ሊይዘው የሚሮጠው።

ናሆም፣ በካልማንም ያልዳነው በዚህ ምክንያት ነው። ለካልማኑም የሚሰጠው ያው የተሳሳተ ጊዜ ነው። ሌላው ምክርህ ደግሞ ይጎዳታል። ሬጂስተሩ ላይ 6 ሲጻፍ ባንዱ 5 ኸርዝ ይሆናል። ግራፉ የረጋው በ19 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ነው፤ ጋይሮውም አብሮ ይዘገያል። ለላብ ግራፍ አይታወቅም። ለሚወድቅ ነገር ግን ከባድ ነው። 3 ብትጽፊ መዘግየቱ 5 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው፤ እሱ ይበቃል።

---

ናሆም_ኮንትሮል · ማክሰኞ ማታ 2:55

የ19 ሚሊ ሰከንዱን ነገር አላሰብኩበትም ነበር፤ ልክ ነህ ጋሼ። ካልማን ላይ ግን አልስማማም። ካልማን የጋይሮውን ስህተት ራሱ እየገመተ ያርማል። እሷ 1.14 ብላ በእጇ ነው የጻፈችው።

---

ታደለ_መሣሪያ · ማክሰኞ ማታ 3:10

እዚህ ላይ ልክ ነህ። ስህተቱን እንደ አንድ ስቴት የሚይዝ ካልማን ይህን ጥቅም ይሰጣል። የድምፅ ቁጥሮቹ ካልተቀያየሩ ግን ጥቂት ቆይቶ ጌይኑ ቋሚ ይሆናል፤ አንግሉን የሚያዋህድበት መንገድም ከዚያችው ቀላል ፊልተር ብዙም አይለይም። እኔ ብሆን መጀመሪያ ጊዜውን አስተካክል ነበር። ህሊና፣ እንዲህ አድርጊው፦

```cpp
while (micros() - last < 5000);
unsigned long now = micros();
float dt = (now - last) * 1e-6;
last = now;
float a = tau / (tau + dt);
angle = a * (angle + gyroRate * dt)
      + (1 - a) * accAngle;
```

`tau` የጊዜ ቋሚው ነው፤ 0.5 ሰከንድ ላይ ጀምሪ። ዙሩ 5 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን `a` ራሱ 0.99 ይሆናል። 0.98ን እንዳለ ብትተዪው የጊዜ ቋሚው ወደ ሩብ ሰከንድ ይወርድ ነበር። ይህ ቁጥር ከዙሩ ጊዜ ተነጥሎ ትርጉም የለውም። ሰው ግን ከኮድ ወደ ኮድ ዝም ብሎ ይገለብጠዋል። ሲሪያሉን 115200 አድርጊው፤ በየ20 ዙሩ አንዴ ብቻ ላኪ።

---

ህሊና_አዘዞ · ረቡዕ ማታ 2:20

ጋሼ፣ የማጋደም ሙከራው ተስተካከለ! ቁጥሩ ከእጄ ጋር ቀጥ ብሎ 90 ይገባል፣ እዚያው ይቆማል። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ሞተሩን ስከፍት ግን ሮቦቱ እንደ ብርድ ያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ድሮ እንኳ እንዲህ አልነበረም።

---

ታደለ_መሣሪያ · ረቡዕ ማታ 2:45

እናትሽ እንኳን ደስ አላቸው። መንቀጥቀጡ ይጠበቃል። ኬፒ 45 ያልሽው በፈጣን እንቅስቃሴ ላይ ሲሶው ብቻ ነበር የሚሠራው፤ አንግሉ ሲሶ ስለነበር። አሁን ሙሉ 45 ሆነብሽ። ወደ 15 አውርጂውና ከዚያ ተነሺ።

ኬዲው ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የአንግሉ ለውጥ ሲሶ ነበር። ያካፈልሽበት ጊዜም ከእውነተኛው ሲሶ ነበር። ሁለቱ ስህተቶች ተጣፍተው የፍጥነቱ መጠን ልክ ሲወጣልሽ ኖሯል። ስለዚህ 1.2ን ለመጀመሪያ ያህል አትንኪው። ዲውን ከአንግሉ ልዩነት ከምታወጪ ግን `gyroRate`ን በቀጥታ ተጠቀሚ። እሱ ራሱ ፍጥነት ነው።

---

ህሊና_አዘዞ · ሐሙስ ማታ 1:30

ኬፒ 17፣ ኬዲ 0.9 ላይ 20 ሰከንድ ቆመ። በሦስት ሳምንት ያላየሁትን አየሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ በጣቴ ነካ ሳደርገው በመጀመሪያ በትክክል ይመልሳል። ወዲያው ግን ከሚገባው በላይ ይሮጥና ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ከሰዓት ላይ ደህና የነበረው ጠዋት ስከፍተው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። የጎንደር የጠዋት ብርድ ሴንሰሩን ይነካዋል?

---

አቤል_ማራኪ · ሐሙስ ማታ 1:41

ከብርዱ ይልቅ ከፍታው አይሆንም? ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። የመሬት ስበት እዚህ ትንሽ ይቀንሳል። አክሰለሮሜትሩ ሌላ አገር ነው የተሠራው።

---

ታደለ_መሣሪያ · ሐሙስ ማታ 2:15

አቤል፣ ስበቱ በጥቂቱ መቀነሱ እውነት ነው። ግን `atan2` የሁለት ቁጥሮችን ጥምርታ ነው የሚወስደው። ሁለቱም እኩል ከቀነሱ አንግሉ አይለወጥም።

ብርዱ ግን አዎ። የጋይሮው ዜሮ ከሙቀት ጋር ይቀየራል። ህሊና፣ ሮቦቱ ተጋድሞ ዝም ብሎ እያለ ነገ ጠዋት አንብቢው፤ 1.14 ላይሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚያመጣውን ስህተት ለማወቅ በጊዜ ቋሚው አባዢው። ጋይሮው 0.8 ዲግሪ በሰከንድ ቢሳሳት በ0.5 ሰከንድ `tau` 0.4 ዲግሪ ቋሚ ስህተት ይሆናል። በ1.5 ሰከንድ ደግሞ 1.2 ዲግሪ። ሮቦት በ1.2 ዲግሪ ተሳስቶ አይቆምም፤ ወደዚያው ጎን ይሄዳል።

ስለዚህ ቁጥሩን ኮድ ውስጥ አትጻፊ። ሲበራ ወለል ላይ አጋድሚው፣ እጅሽን አንሺ፣ 500 ጊዜ አንብቦ አማካዩን ራሱ ይያዝ። 2.5 ሰከንድ ነው። በእጅሽ ይዘሽው ከለካ የእጅሽን መንቀጥቀጥም አብሮ ይደምራል።

ስትነኪው የሚሮጠው ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ ሴንሰሩ ያለበት ቦታ ይመስለኛል። አክሰለሮሜትር ዝንባሌን አያውቅም። የሚያውቀው የሚገፋውን ኃይል ብቻ ነው። ቆሞ ሲዘነብል የሚሰማው ስበቱ ነው። ሲወድቅ ግን የራሱ ፍጥነት መጨመርም ይደባለቃል።

የተተከለች ወጥ ዘንግ ከሥሯ ሳትንሸራተት ስትወድቅ አስቢ። ከሥሯ ሁለት ሦስተኛ ከፍታ ላይ ያለች ነጥብ ወደ ጎን የምትፈጥነው ልክ ስበቱ የሚጎትታትን ያህል ነው። እዚያ የተለጠፈ አክሰለሮሜትር ዘንጓ እየወደቀች ‹ቀጥ ብያለሁ› ይላል። ከዚያ በላይ፣ ጫፉ ላይ ከሆነ ደግሞ ይባስ ብሎ ወደ ተቃራኒው ዘንብያለሁ ይላል። በ24 ሳንቲ ሜትር ዘንግ ያ ነጥብ 16 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ያንቺ ሴንሰር ላይኛው ፎቅ ላይ ነው አልሽኝ። ሮቦትሽ ወጥ ዘንግ ስላልሆነ፣ ጎማዎቹም ስለሚንቀሳቀሱ ቁጥሩ ልክ 16 አይሆንም። ነገሩ ግን ያው ነው። ወደ ታች፣ የጎማዎቹ ዘንግ አጠገብ አውርጂው።

እዚያም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይድንም። ጎማው ራሱ ሮቦቱን በ2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ካፈጠነው አክሰለሮሜትሩ 11.5 ዲግሪ የውሸት ዝንባሌ ያያል። ይህ ግፊት 0.2 ሰከንድ ቢቆይ፣ `tau` 0.5 ላይ ወደ 4 ዲግሪ ገደማው ወደ አንግልሽ ይገባል። `tau`ን 1 ብታደርጊው ወደ 2 ይወርዳል። የጋይሮው ዜሮ በደንብ ከተያዘ `tau`ን ከፍ ለማድረግ አቅም ታገኛለሽ። ሁለቱ ጥያቄዎችሽ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

---

ሳባ_ሜካ · ሐሙስ ማታ 3:20

ከአዲስ አበባ ነኝ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ሠርቻለሁ። በቦታው ጉዳይ ከጋሽ ታደለ በጥቂቱ እለያለሁ። የኔ ሴንሰር ጫፍ ላይ ነበር፣ `tau` 2 ሰከንድ፤ ደህና አድርጎ ይቆም ነበር። ውድቀቱ የሚሆነው በሰከንድ ክፋይ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚናገረው ጋይሮው ነው፤ ጋይሮው ደግሞ የትም ብታስቀምጪው አንድ ዓይነት ነው የሚያነበው። ታች ሞተሩ አጠገብ ንዝረቱና የኤሌክትሪክ ረብሻው ይበዛል። እኔ ዝቅ ሳደርገው አልወደድኩትም።

---

ታደለ_መሣሪያ · ሐሙስ ማታ 3:35

ሳባ፣ በ2 ሰከንድ `tau` የምትይው ያስኬዳል። የኔ ስጋት ጋይሮው ሲሞቅ ዜሮው መሸሹ ነው። ያን ጊዜ 2 ሰከንዱ ስህተቱን እጥፍ ያደርገዋል። ንዝረቱን በተመለከተ እውነትሽን ነው፤ ከሥሩ ወፈር ያለ ባለ ሙጫ ስፖንጅ ያስፈልገዋል።

---

ህሊና_አዘዞ · ቅዳሜ ቀን 6:10

ትናንት ማታና ዛሬ ጠዋት ሠራሁት። የጋይሮው ዜሮ ጠዋት 1.9 ነበር! ስለዚህ 1.14 ጠዋት ጠዋት ሲዋሸኝ ነበር። አሁን ሲበራ ራሱ ይለካል። ሴንሰሩን ከታችኛው ፎቅ ሥር ስፖንጅ ላይ ለጠፍኩት፣ `tau` 1 አደረግሁ። ድሮን_ጣና ያለው ነገርም ደረሰብኝ። ታች ካወረድኩት በኋላ አንዴ ድርቅ አለ፤ ያቺ መስመር በኋላ አዳነችኝ።

አሁን ነካ ሳደርገው ይመለሳል። ቤታችን ኮሪደር ላይ 4 ደቂቃ ቆሟል። ግን አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። ቦታውንና `tau`ን በአንድ ላይ ቀየርኩ። ስለዚህ ያዳነኝ የጋሼ ምክር ይሁን የሳባ አላውቅም። ለሪፖርቴ ለየብቻ ሞክሬ እጽፋለሁ።

የቀረኝ፦ ቆሞ እያለ ቀስ እያለ ይሄዳል። በ4 ደቂቃው ውስጥ ከመሐል ተነሥቶ በሩ ድረስ ደረሰ፤ ሜትር ተኩል ይሆናል። የሚቆምበትን አንግል 0.3 ዲግሪ ስቀይረው አቅጣጫውን ለወጠ እንጂ አልቆመም።

---

ሳባ_ሜካ · ቅዳሜ ቀን 7:00

እሱ በአንግል ብቻ አይቆምም። ሮቦቱ ስንት እንደሄደ የሚነግረው ነገር የለውም። ለእሱ መሐል ላይ መቆምና በሩ ላይ መቆም አንድ ነው። ኢንኮደር ያላቸው ሞተሮች ቀይሪ። የተጓዘውን ርቀትና ፍጥነት አይቶ የሚቆምበትን አንግል በጥቂቱ የሚያስተካክል ሁለተኛ ሎፕ ከላይ ትጨምሪበታለሽ።

---

ህሊና_አዘዞ · ቅዳሜ ቀን 7:25

እዚህ ፒያሳ ዕቃ ቤቶቹን ዞሬ ኢንኮደር ያለው ሞተር አላገኘሁም። ከአዲስ አበባ ላስመጣ ብል ማቅረቢያዬ ደርሷል። ቢጫው ሞተር በሌላ ጎኑም ዘንግ አለው። እዚያ ላይ ከካርቶን የተቆረጠ 20 ጥርስ ያለው ዲስክ ሰክቼ፣ በኢንፍራሬድ ሴንሰር ጥርሶቹን ብቆጥርስ?

---

ናሆም_ኮንትሮል · ቅዳሜ ቀን 7:40

ይሠራል። አቅጣጫውን ለሞተሩ ከምትልኪው ትእዛዝ ታውቂዋለሽ። ፕላስ ከሆነ ትደምሪያለሽ፣ ማይነስ ከሆነ ትቀንሻለሽ።

---

ታደለ_መሣሪያ · ቅዳሜ ማታ 1:20

ቀጥ ብሎ ለሚሄድ መኪና ይሠራል። የሷ ሮቦት ግን ትእዛዙ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ምልክት ይቀያይራል። ጎማው ወደ ፊት እየተንከባለለ ትእዛዙ ወደ ኋላ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ጥርሱ በተሳሳተ ምልክት ይቆጠራል። ሁለት ሴንሰር የአንድ ጥርስና የክፍተቱን ርዝመት ሩብ ያህል ተዛንፈው ከተቀመጡ አቅጣጫው ከራሳቸው ይነበባል። በካርቶን ዲስክ ያንን ያህል ትክክል መቁረጥ ግን ቀላል አይደለም። እኔ በካርቶን ሞክሬው አላውቅም።

---

ህሊና_አዘዞ · ቅዳሜ ማታ 1:45

ከካርቶን ፋንታ የወንድሜን የድሮ ኮምፒውተር ማውስ ከፍቼ ባለ ክፍተት ጎማውንና ሴንሰሩን ልወስድ ነው፤ ኳስ ያለው የድሮ ዓይነት ነው። ውስጡ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ሁለት መቀበያ እንዳለው አይቻለሁ። ዘንጉ ላይ እንዴት እንደማጣብቀው ገና አላወቅሁም። ሰኞ ፎቶ እለጥፋለሁ።

---

ድሮን_ጣና · ቅዳሜ ማታ 2:02

ማውሱን ከመክፈትሽ በፊት መቀበያው ስንት እግር እንዳለው እዪ። እኔ የከፈትኩት ሁለቱን መቀበያዎች በአንድ ላይ የያዘ ባለ ሦስት እግር ነበር። መሐለኛው እግር የጋራ ነው፤ እሱን ሳላውቅ አንዱን አቃጥያለሁ።